ጉንፋን፣ ቫይረስ፣ ባክቴሪያ እና አንቲባዮቲክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች እና ልጆቻቸው ያሳሏቸው ወላጆች አንቲባዮቲክ ሊገዙ ሲመጡ ዘወትር የሚያነሷቸው ናቸው።

ባክቴሪያ እና ቫይረስ ሁለቱም ጀርም አይደሉም እንዴ? ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ሁለቱም በዓይን የማይታዩ እና ሕመም ሊያመጡ የሚችሉ ስለሆኑ በተለምዶ «ጀርም» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ፤ በአኗኗራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ሕያው ፍጡር ነው። አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ ቢሆንም ምግብ ይወስዳል፣ ኃይል ያመነጫል፣ ፕሮቲን የሚሠራበት የራሱ መሣሪያ አለው፣ ዙሪያውን ደግፎ የሚይዝ ግድግዳ ይገነባል፣ በመጨረሻም ለሁለት ተከፍሎ ይባዛል። አንዳንዱ የአንጀት ባክቴሪያ ሁኔታው ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ጉዳት የላቸውም፤ በአንጀታችን፣ በቆዳችን እና በጉሮሯችን ላይ ከእኛ ጋር የሚኖሩት ደግሞ ሌሎች ጎጂ ባክቴሪያዎች ቦታ እንዳያገኙ ይከላከሉልናል። ይህን ነጥብ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ቫይረስ ሕዋስ አይደለም። በፕሮቲን ቅርፊት የተጠቀለለ፣ «እኔን አባዙኝ» የሚል ትእዛዝ የያዘ የዘረመል መልእክት ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። አይመገብም፣ ኃይል አያመነጭም፣ የራሱ ፕሮቲን መሥሪያ የለውም፤ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባም አይባዛም። በመጠንም ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ የአንድ የተለመደ ባክቴሪያ ወርድ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጉንፋን ከሚያመጡት ቫይረሶች ዋነኛው ግን 30 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በባክቴሪያው ወርድ ላይ ከ30 በላይ ቫይረሶች ጎን ለጎን ሊደረደሩ ይችላሉ።

ጉንፋንን የሚያመጣው የትኛው ነው?

ቫይረስ ነው። ጉንፋን ሊያመጡ የሚችሉ ከ200 በላይ የቫይረስ ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚገኘው ራይኖቫይረስ የሚባለው ሲሆን፣ እሱ ብቻውን ከ160 በላይ ዓይነቶች አሉት። በየጊዜው የሚመላለሱት ተራ የኮሮና ቫይረሶች፣ አዴኖቫይረስ እና ሌሎችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ጉንፋን የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰውነቱ አንዱን ዓይነት ለይቶ ቢያውቅም ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ነው።

የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንመልከት። አንድ ራይኖቫይረስ በእጅ ንክኪ ወይም በአየር ላይ በተንሳፈፈ ጠብታ አማካኝነት አፍንጫ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያሉት ሕዋሳት በገጻቸው ላይ ለራሳቸው ሥራ የሚያገለግል አንድ ፕሮቲን አላቸው፤ ቫይረሱ በእርሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ቅርፊቱን ይጥላል፣ ወደ 7,200 ፊደላት የሚሆን መልእክቱንም ይለቃል። የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያዎች፣ ራይቦዞም የሚባሉት፣ መልእክቱን የራሳቸው ጌታ የላከው መስሏቸው ያነቡታል፤ የቫይረሱን ፕሮቲኖችም መሥራት ይጀምራሉ። በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ ከዚያ አንድ ሕዋስ አዳዲስ ቫይረሶች ወጥተው ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ይሻገራሉ።

ሰውየው የሚሰማው ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መዝጋት እና የጉሮሮ መከርከር ግን በአመዛኙ ቫይረሱ ካደረሰው ጥፋት የመጣ አይደለም። ሰውነት ወራሪውን ሲያውቅ የአፍንጫን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ንፍጥ ያበዛል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ወደ ስፍራው ይጠራል። ጉንፋን ብለን የምንጠራው ስሜት በአብዛኛው የመከላከያው ሥራ ነው።

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እየገደለ ቫይረስን የማይነካው ለምንድን ነው?

አንቲባዮቲክ «ጀርም» የሚባለውን ሁሉ የሚያቃጥል መርዝ አይደለም። እያንዳንዱ አንቲባዮቲክ በባክቴሪያ ውስጥ ያለ አንድ የተወሰነ ክፍል ላይ ሄዶ የሚያርፍ ነው፤ ያ ክፍል ከሌለ የሚሠራው ሥራ የለውም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘውን ፔኒሲሊን እና የእርሱ ቤተሰብ የሆነውን አሞክሳሲሊን እንውሰድ። በባክቴሪያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከፍተኛ ግፊት ስላለው፣ ጠንካራው ግድግዳ ባይኖር ባክቴሪያው ይፈነዳ ነበር። ባክቴሪያው ሲያድግና ሲከፈል ይህን ግድግዳ በየቦታው እየፈታ፣ አዲስ ክፍል እየጨመረ፣ መልሶ ያያይዘዋል። አሞክሳሲሊን የሚያያይዘውን ኢንዛይም ይይዘዋል። ግድግዳው እየተፈታ መልሶ የሚያያይዘው ስለሚጠፋ ይሳሳል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ባክቴሪያው በአንድ በኩል ያብጥና ይፈነዳል።

የቀሩትም እንዲሁ ናቸው። አዚትሮማይሲን እና ዶክሲሳይክሊን በባክቴሪያው ራይቦዞም ላይ ተጣብቀው ፕሮቲን መሥራቱን ያቆማሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ሲያባዛ የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ይይዛል። እነዚህን መድኃኒቶች ሰው እየዋጠ የማይሞተው የእኛ ሕዋሳት እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ስለሌላቸው፣ ራይቦዞማችንም ሆነ ኢንዛይማችን ከባክቴሪያው በቅርጽ ስለሚለይ ነው።

አሁን ወደ ጉንፋን ቫይረስ እንመለስ። ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ አሞክሳሲሊን የሚያፈርሰው አያገኝም። የራሱ ራይቦዞም የለውም፤ የሚሠራበት የእኛን ነው፤ አዚትሮማይሲን ደግሞ የእኛን ራይቦዞም አልፎ የባክቴሪያውን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ነው መድኃኒት ሊሆን የበቃው። አንቲባዮቲክን ለሰው ደኅና ያደረገው ያው ባሕርይ ነው በቫይረስ ላይ ከንቱ ያደረገው። ይህን አንድ ነጥብ የተረዳ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች አብዛኛውን ራሱ ሊደርስባቸው ይችላል።

መጠኑን ብጨምረው ወይም ጠንከር ያለ መርፌ ብወጋስ?

ለውጥ አያመጣም። «ጠንካራ» የሚባለው አንቲባዮቲክ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን የሚገድል ወይም ሌሎቹ ያቃታቸውን ባክቴሪያ የሚገድል ነው፤ ወደ ቫይረስ የሚሸጋገርበት ደረጃ የለውም። በመርፌ መሰጠቱም መድኃኒቱን በፍጥነት ወደ ደም ያደርሰዋል እንጂ የሚያርፍበትን ዒላማ አይለውጠውም። መጠን ሲጨመር የሚጨምረው የጎንዮሽ ጉዳቱ ብቻ ነው።

ንፍጤ መጀመሪያ ውኃ ይመስል ነበር፤ አሁን ወፍሮ አረንጓዴ ሆኗል። ይህ ባክቴሪያ መግባቱን አያሳይም?

ብዙ ሰው የሚያምንበት ምልክት ይህ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ብቻውን አያሳይም። ወደ አፍንጫ ከሚጎርፉት ነጭ የደም ሕዋሳት አንደኛው ወገን ወራሪን ለመግደል የሚጠቀምበት ኢንዛይም በውስጡ ብረት ያለበት ሲሆን ቀለሙም በተፈጥሮው አረንጓዴ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሥራቸውን ጨርሰው ሲሞቱ ኢንዛይሙ ከንፍጡ ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ አረንጓዴው ቀለም የመጣው ከራሳችን ሕዋሳት ነው፤ የሚነግረንም ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት መድረሳቸውን እንጂ የመጡት ለቫይረስ ይሁን ለባክቴሪያ አይደለም።

በተራ ጉንፋን ንፍጥ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ይወፍርና ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል፣ በመጨረሻም እየሳሳ ይደርቃል። በተለይ ጠዋት ላይ ሌሊቱን ተከማችቶ ስለሚያድር ቀለሙ ይበልጥ ይጎላል። ከቀለሙ ይልቅ መታየት ያለበት የቀናቱ ብዛት እና ሕመሙ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ባለፈው ጉንፋን ሲይዘኝ አሞክሳሲሊን ወስጄ በሁለት ቀን ድኛለሁ። ይህ ማስረጃ አይሆንም?

ከሁሉም ጥያቄዎች በአክብሮት መመለስ ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ሰው አልዋሸም። ወስዷል፣ ድኗልም። የሚቀረው አንዱ ሌላውን አምጥቶታል ወይ የሚለው ነው።

ቀኖቹን አንድ በአንድ እንቁጠር። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ እሑድ ማታ ጉሮሮውን ይከረክረዋል እንበል። ሰኞ ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫው እንደ ውኃ ይፈስሳል። ማክሰኞ አፍንጫው ይዘጋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ድካም ይጫነዋል። ረቡዕ የባሰ ይሆናል፤ ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ስላደረ ጉሮሮው ደርቋል፣ ሳልም ጀምሮታል። በዚያን ዕለት ማታ ትዕግሥቱ ያልቅና 500 ሚሊግራም አሞክሳሲሊን በቀን ሦስት ጊዜ መውሰድ ይጀምራል። ሐሙስ ትንሽ ቀለል ይለዋል፤ ዓርብ ማታ «ይህ መድኃኒት ፍቱን ነው» ይላል። በሚቀጥለው እሑድ ከቀላል ሳል በስተቀር ደኅና ነው።

በእነዚያ ቀናት በሰውነቱ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ ከተዋጠ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ በደሙ ውስጥ ከፍተኛ መጠን ላይ ደርሷል፤ ወደ አፍንጫው ሕዋሳትም ደርሷል፤ እዚያ ግን የሚይዘው ግድግዳ አላገኘም። በተመሳሳይ ጊዜ ሰውነቱ ከሰኞ ጀምሮ ሲያዘጋጀው የነበረው መከላከያ በቫይረሱ የተያዙትን ሕዋሳት እየለየ ማጥፋት ጀምሯል። ተራ ጉንፋን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይከፋል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ ከሰባት እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥም ይለቃል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ደግሞ ሕመሙ ጣሪያ ላይ በደረሰበት ቀን ነው፤ ከጣሪያው በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ፣ በዚያን ቀን ምንም ነገር ቢወስድ በማግስቱ «የሠራ» ይመስላል። ይህ ስሕተት የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ አንድ ሰው ከራሱ ገጠመኝ ብቻ ተነሥቶ ሊያርመው አይችልም፤ ምክንያቱም ባይወስድ ኖሮ የሚሆነውን ለማየት ያንኑ ሳምንት ደግሞ መኖር አይችልም።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ጉንፋን የያዛቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን አንቲባዮቲክ፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን የሰጡት። የእነዚህ ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ አንቲባዮቲክ የወሰዱት ቀድመው አልዳኑም፤ ከወሰዱት ጎልማሶች መካከል በጎንዮሽ ጉዳት የተቸገሩት ግን በዝተው ተገኝተዋል።

ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል? ለጥንቃቄ ብወስደው አይሻልም?

የመጀመሪያው ጉዳት በአንጀት ይጀምራል። መድኃኒቱ አፍንጫ ውስጥ ዒላማ አላገኘም ማለት በሌላው የሰውነት ክፍል አላገኘም ማለት አይደለም፤ አንጀት ውስጥ ምንም ያላጠፉ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ሲመቱ ተቅማጥ ይመጣል፤ አልፎ አልፎም ከብዙዎቹ መሞት የተነሣ ባዶ በቀረው ቦታ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ ይስፋፋና ለሕይወት የሚያሰጋ የአንጀት ቁስለት ያመጣል። በሴቶች ላይ የብልት ፈንገስ የሚከተለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ከዚህ ሌላ ሽፍታ እና፣ እምብዛም ባይሆንም፣ ጉሮሮን አሳብጦ መተንፈስን የሚከለክል አለርጂ አለ። እውነተኛ የባክቴሪያ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ሁሉ ሊታለፍ የሚገባ ስጋት ነው፤ በሌላው የሚዛን ጫፍ ምንም ጥቅም ለሌለው ሰው ግን ማንኛውም ጉዳት ኪሳራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመድኃኒት መላመድ ነው። ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ይለምዳል» ብሎ ይረዳዋል፤ የሚለምደው ግን ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። በጉሮሮና በአንጀት ካሉት ባክቴሪያዎች መካከል በአጋጣሚ አሞክሳሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚሠሩ ጥቂቶች ይኖራሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲጨርስ እነዚህ ይተርፉና ቦታውን ይወርሳሉ፤ ይባስ ብሎም ይህን ችሎታ የያዘውን ዘረመል ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። አንድ ሰው አንቲባዮቲክ ከወሰደ በኋላ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እስከ 12 ወር ድረስ በሰውነቱ ላይ በብዛት ሊገኙ እንደሚችሉ ታይቷል። ስለዚህ ዛሬ ለጉንፋን የተዋጠው ክኒን በስድስተኛው ወር የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሲመጣ ያንኑ መድኃኒት ሊያሳጣ ይችላል። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች እንዳይለወጥ አስቀድሜ ብወስድስ?

ቫይረስ ወደ ባክቴሪያ አይለወጥም፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው መሠረት አለው። ጉንፋን ያሳበጠው አፍንጫ ከሳይነስ እና ከመካከለኛው ጆሮ የሚወጣውን ፈሳሽ ስለሚዘጋ፣ በተከማቸው ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ይህ ግን በጥቂቶች ላይ የሚደርስ ነው፤ በሌላ ረገድ ጤነኛ በሆኑ ሰዎች መካከል አንድ ከባድ ውስብስብ ችግር ለመከላከል አንቲባዮቲኩን በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች መስጠት ያስፈልጋል፤ የሁሉም አንጀት ግን የመድኃኒቱን ዋጋ ይከፍላል። በተጨማሪም ቀድሞ የተወሰደው መድኃኒት በኋላ የሚመጣው ባክቴሪያ የተላመደ ዓይነት እንዲሆን መንገድ ይከፍታል። የተሻለው ምልክቶቹን እየተከታተሉ፣ ባክቴሪያ መግባቱ ሲጠረጠር በጊዜ መታየት ነው።

ታዲያ ጉንፋን ብቻ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የጊዜ አቆጣጠር ነው። አሥር ቀን አልፎ ምንም መሻሻል ከሌለ፣ ወይም ሕመሙ ቀለል ብሎ ከቆየ በኋላ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን እንደገና ትኩሳትና የፊት ሕመም ይዞ ከተመለሰ፣ በሳይነስ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሳል ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየቱ በራሱ አያስደነግጥም፤ የተቆጣው የመተንፈሻ ቧንቧ እስኪያገግም ጊዜ ይወስዳል።

የጉሮሮ ሕመምም ይለያል። ንፍጥና ሳል ካለበት ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ሳል ሳይኖር በድንገት ትኩሳት ከመጣ፣ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ በአንገት ፊት ለፊት ያለው ንፍፊትም አብጦ ሲነካ ካመመ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ይህ በምርመራ የሚረጋገጥ ሲሆን፣ በተለይ በልጆች ላይ ሳይታከም ከቀረ የልብ በሮችን ወደሚጎዳ ሕመም ሊያመራ ስለሚችል፣ አንቲባዮቲክ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ ነው።

በትንንሽ ልጆች ላይ የሳንባ ምች ዋነኛ ምልክት የአተነፋፈስ ፍጥነት ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ በተረጋጋበት ሰዓት፣ ልብሱን ከደረቱ ላይ ገልጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይቻላል፤ ከ2 እስከ 11 ወር ባለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት። በሚተነፍስበት ጊዜ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት ካለው ቁጥር ሳይጠበቅ ይወሰዳል።

ለባክቴሪያ ይህን ያህል መድኃኒት ካለ ለጉንፋን ቫይረስ ለምን አልተሠራም?

ቫይረስ የእኛን ሕዋስ ዕቃ ስለሚጠቀም፣ እኛን ሳይጎዱ የሚመቱት የራሱ ነገር ጥቂት ነው። ይህ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ለኢንፍሉዌንዛ፣ ለኤችአይቪ እና ለሄፓታይተስ ሲ የየራሳቸው ፀረ-ቫይረስ መድኃኒቶች ተሠርተዋል፤ እያንዳንዱም በዚያ ቫይረስ ፕሮቲን ላይ የተነጣጠረ ስለሆነ አንዱ ለሌላው አያገለግልም። በጉንፋን ረገድ አስቸጋሪው የአምጪዎቹ ብዛት እና የሕመሙ አጭርነት ነው። ሰውየው ጉንፋን መያዙን አውቆ መድኃኒት በሚጀምርበት ሰዓት ቫይረሱ የሚባዛበት ዋናው ጊዜ አልፏል ማለት ይቻላል፤ በራሱ ለሚለቅ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከምንም የቀነሰ መሆን አለበት። ስለዚህ እስከዛሬ ያለው ሕክምና ስሜቱን ማቅለል ነው፦ ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል፣ ለተዘጋ አፍንጫ የጨው ውኃ ጠብታ፣ ዓመት ለሞላቸው ልጆች ሳል ማር። ለልጆች አስፒሪን አይሰጥም።

አንቲባዮቲኩን ጀምሬዋለሁ። «ጀምሮ ማቋረጥ ነው መላመድን የሚያመጣው» ይባላል፤ ልጨርሰው ወይስ ላቁም?

መልሱ ማን እና ለምን እንዳዘዘው ይወሰናል። ሐኪም መርምሮ የባክቴሪያ ሕመም አግኝቶ ካዘዘው፣ ስለተሻለዎት ብቻ ሳያቋርጡ በታዘዘው መሠረት ይውሰዱት፤ ሐሳብ ከገባዎት ያዘዘውን ሐኪም ይጠይቁ። ከዚህ በፊት ተርፎ የተቀመጠ ወይም በራስዎ ውሳኔ ለጉንፋን የገዙት ከሆነ ግን፣ «ጨርሰው» የሚለው ምክር የሚመለከተው የሚገደል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ያለበትን ሕክምና ነው። እርስዎ ጋ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ከሌለ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን የአንጀትዎን ባክቴሪያዎች ለመድኃኒቱ ከማጋለጥ በቀር የሚፈጽመው ነገር የለም። ጉንፋን ብቻ መሆኑን በባለሙያ አረጋግጠው ያቁሙት፤ የቀረውንም ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡት፣ ለሌላ ሰውም አይስጡት፤ ወደ መድኃኒት ቤት ይመልሱት።